የዕቃ ርዕስ አጻጻፍ፦ ጀበናው ለምን ፊት ይቀድማል?

አክስቴ ጀበና፣ ስኒ፣ ረከቦትና የሸክላ ድስት የምትሸጥባት ትንሽ ሱቅ አለቻት። ካለፈው ዓመት ወዲህ ልጇ ቴሌግራም ላይ ቻናል ከፍታ የሱቁን ዕቃ ፎቶ እያነሳች ትለጥፋለች። አንድ ቅዳሜ እዚያ ተቀምጬ ቡና ስጠጣ ከአንዲት ደንበኛ መልእክት ገባ። "እህት፣ ጀበና አትሸጡም እንዴ? ቻናላችሁ ላይ ፈልጌ አጣሁ" ይላል።

ልጅቷ ግራ ገባት። በዚያ ወር ብቻ አሥራ አንድ ጀበና ለጥፋለች። ስልኳን ተቀብዬ በቻናሉ መፈለጊያ ሳጥን ላይ "ጀበና" ብዬ ጻፍኩ። የወጣው አንድ የቆየ ልጥፍ ብቻ ነበር። የቀሩትን አንድ በአንድ ስንከፍታቸው ከፎቶው ሥር ያለው ጽሑፍ በሙሉ እንዲህ የሚል ነው፦

```
✨✨ ልዩ ቅናሽ!!! እጅግ ውብና ማራኪ የባህል ዕቃ
ለቤትዎ ግርማ ሞገስ የሚሰጥ በተመጣጣኝ ዋጋ ✨✨
```

"ጋሼ፣ ጀበና የሚለው ይኸው ፎቶው ላይ ተጽፏል እኮ" አለችኝ። እውነቷን ነው፤ ፎቶው ላይ በደማቅ ቢጫ ቀለም ተጽፏል። ሰው ያነበዋል። የቴሌግራም መፈለጊያ ግን በፎቶ ላይ የተሳለ ፊደል አያነብም። እሱ የሚያየው በጽሑፍነት የተተየበውን ብቻ ነው፤ በተተየበው ውስጥ ደግሞ "ጀበና" የሚል ቃል የለም። ልዩ አለ፣ ውብ አለ፣ ማራኪ አለ፣ የባህል ዕቃ አለ። ዕቃው ራሱ ግን በስሙ አልተጠራም። ደንበኛዋ ጀበና ፈልጋ ነው የመጣችው፤ "ማራኪ የባህል ዕቃ" ብሎ የሚፈልግ ሰው ደግሞ እስካሁን አላጋጠመኝም።

በኢንተርኔት ዕቃ የሚሸጡ ብዙ ወገኖቼ የሚደክሙት ለፎቶው ነው። ፎቶው ተገቢ ነው፤ ነገር ግን ፎቶው የሚሠራው ገዢው ዕቃው ፊት ከደረሰ በኋላ ነው። ወደ ዕቃው የሚያደርሰው መንገድ ርዕሱ ነው። ቴሌግራም ላይ "ርዕስ" የሚባል የተለየ ቦታ ስለሌለ የመጀመሪያው መስመር ርዕስ ሆኖ ያገለግላል። በደንበኛው ስልክ ላይ ማሳወቂያ ሲመጣም፣ ቻናሉ በዝርዝር ውስጥ ሲታይም ብቅ የሚለው ያ መስመር ነው፤ ያውም መጀመሪያው ብቻ። በልጅቷ ልጥፍ ላይ ብቅ የሚለው ኮከብና "ልዩ ቅናሽ" ነበር። የምን ቅናሽ እንደሆነ ለማወቅ ሰውየው መክፈት አለበት፤ በቀን ሃምሳ ማሳወቂያ የሚደርሰው ሰው ደግሞ አይከፍትም።

ዋናውን ቃል ማስገባት አንድ ነገር ነው፤ ፊት ማስቀደም ሌላ። እዚህ ላይ አማርኛችን ራሱ የሚፈጥርብን ችግር አለ። በቋንቋችን ገላጩ ይቀድማል፤ ስሙ መጨረሻ ይመጣል። "በእጅ የተሠራ፣ አሥር ስኒ የሚይዝ፣ ጥቁር የሸክላ ጀበና" እንላለን። ሰዋስዉ ትክክል ነው፤ ለጆሮም ያምራል። ስልኩ ግን ከመስመሩ የተወሰነውን ብቻ አሳይቶ ሲቆርጠው የሚቀረው "በእጅ የተሠራ፣ አሥር ስኒ የሚይዝ…" ነው። ጀበናው ከተቆረጠው ወገን ሆነ። ስለዚህ በርዕስ ላይ የዘወትሩን የዓረፍተ ነገር ሥርዓት ትተን ስሙን ፊት ማውጣት ይኖርብናል።

ይህ ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም። የታክሲ ረዳት "ሜክሲኮ! ሜክሲኮ!" ብሎ ነው የሚጣራው። መኪናው ንጹሕ መሆኑን፣ ወንበሩ ምቹ መሆኑን አይናገርም። ቆሞ የሚጠብቀው ሰው በጆሮው የሚፈልገው አንድ ቃል እንዳለ ያውቃል፤ ያንን ቃል አስቀድሞ ይወረውርለታል። የመንግሥት መሥሪያ ቤት ንብረት ክፍል ገብቶ የሚያውቅ ሰውም ሞዴል 19 ሲሞላ አይቷል። ዕቃ ግምጃ ቤቱ "ወንበር፣ የእንጨት፣ ባለ መደገፊያ" ብሎ ይመዘግባል እንጂ "ባለ መደገፊያ የእንጨት ወንበር" አይልም። ከብዙ መቶ መስመር ውስጥ ወንበርን የሚፈልግ ዓይን ከግራ ጠርዝ ላይ ወደ ታች ስለሚወርድ ነው። ገዢውም ስልኩን በአውራ ጣቱ ወደ ላይ ሲገፋ የሚያደርገው ይህንኑ ነው።

እናም ከልጅቷ ጋር ቁጭ ብለን የጀበናውን ርዕስ እንዲህ አድርገን ጻፍነው፦

```
ጀበና የሸክላ ጥቁር 10 ስኒ የሚይዝ ከነማቶቱ
```

መጀመሪያ ዕቃው፤ ቀጥሎ የተሠራበት ነገር፤ ከዚያ ቀለሙና መጠኑ፤ በመጨረሻ አብሮት የሚሰጠው። ይህ ቅደም ተከተል በዘፈቀደ የመጣ አይደለም። አክስቴን "ሰው ጀበና ሊገዛ ሲመጣ መጀመሪያ ምን ይጠይቅሻል?" አልኳት። "ስንት ስኒ ይወጣዋል ነው የሚሉኝ። ለሁለት ሰው ነው ለዕድር?" አለችኝ። በልጥፎቹ ሁሉ ውስጥ መጠን አንድም ቦታ አልተጻፈም ነበር። "ግርማ ሞገስ" ይዞት የነበረውን ቦታ "10 ስኒ" ወሰደው። ማቶቱን የጨመርነው ደግሞ ከሌሎች ሻጮች ስለሚለየው ነው፤ ጀበናውን ብቻ የሚሸጡ ብዙዎች ናቸው። ዋጋውና አድራሻው በሚቀጥለው መስመር ይገባሉ። ኮከቦቹን አወጣናቸው፤ የሚፈልጋቸው ሰው የለም፤ ፊት ላይ ተቀምጠው ግን ቦታ ይበላሉ።

ለሌላ ዕቃ ቅደም ተከተሉ ሊለወጥ ይችላል። ስልክ የሚሸጥ ሰው "ስልክ" ብሎ ቢጀምር ብዙ አይጠቅመውም፤ ገዢው የሚጽፈው የሞዴሉን ስም ነው፤ ብዙ ጊዜም በላቲን ፊደል። እዚያ ዋናው ቃል `Samsung A15` ነው፤ "ሳምሰንግ" የሚለው በፊደላችን ከኋላ ቢከተል በአማርኛ የሚፈልገውንም ያገኛል። ዋናው ቃል ማለት ገዢው ጣቱን ሳጥኑ ላይ አድርጎ የሚጽፈው ቃል ነው፤ ሻጩ ዕቃውን የሚመድብበት ቃል አይደለም።

ታዲያ ያ ቃል በምን ይታወቃል? መገመት አያስፈልግም፤ ሦስት ቦታ ተጽፎ ይገኛል። አንደኛው ራሱ የመልእክት ሳጥናችን ነው። ደንበኞች የላኩትን የመጨረሻ ሠላሳ መልእክት መልሶ ማንበብና ዕቃውን ምን ብለው እንደጠሩት በወረቀት ላይ መጻፍ ነው። ፍሪጅ የሚሸጥ አንድ ወዳጄ ይህን ሲያደርግ ርዕሱ ላይ ሁሌ ይጽፈው የነበረውን "ማቀዝቀዣ" አንድም ደንበኛ አንስቶት አያውቅም፤ ሁሉም "ፍሪጅ" ብለዋል። መዝገበ ቃላቱ ትክክል ሊሆን ይችላል፤ ገዢው ግን በመዝገበ ቃላት አይፈልግም። ሁለተኛው የጉግል መፈለጊያ ሳጥን ነው። "ጀበና" ብለን ጽፈን ሳናስገባ ቆም ስንል ከሥር የሚዘረዘሩት ሐሳቦች ሰዎች ከሚፈልጉት የተለቀሙ ናቸው። ሦስተኛው በውጭ ገበያ ለሚሸጡ ይጠቅማል፤ ኢቤይ ላይ የተሸጡ ዕቃዎችን ብቻ ለይቶ የሚያሳይ ማጣሪያ አለ። ለሽያጭ የቀረበውን ሳይሆን በእርግጥ የተሸጠውን ዕቃ ርዕስ ማየት ሌላ ትምህርት ነው።

አሁን በእኛ ጽሑፍ ላይ ብቻ የሚመጣውን፣ ከሁሉ ይልቅ የማስብበትን ነገር ላንሳ። ፊደላችን አንድ ድምፅ የሚሰጡ፣ መልካቸው ግን የተለያየ ሆሄያት አሉት፤ ሀ፣ ሐ እና ኀ፤ ሰ እና ሠ፤ አ እና ዐ፤ ጸ እና ፀ። ለአንባቢ "ጸጉር" እና "ፀጉር" አንድ ናቸው። ለኮምፒዩተር ግን አይደሉም። የግዕዝ ፊደል በ1999 እ.ኤ.አ. ዩኒኮድ ወደሚባለው ዓለም አቀፍ የፊደላት ሠንጠረዥ ሲገባ እያንዳንዱ ሆሄ የራሱ ቁጥር ተሰጥቶታል፤ ጸ `U+1338` ነው፣ ፀ ደግሞ `U+1340`። ትልልቆቹ የፍለጋ ድርጅቶች ይህን በተወሰነ መጠን ሊያቀራርቡት ይሞክራሉ። ፊደል በፊደል የሚያመሳስል ቀላል መፈለጊያ ግን "የፀጉር ቅባት" ብሎ ለሚፈልግ ሰው "የጸጉር ቅባት" የሚለውን አያመጣለትም። ዕቃው አለ፤ ገዢው አለ፤ በመካከላቸው አንዲት ሆሄ ቆማለች።

ከሆሄ በተጨማሪ የአነጋገር ልዩነት አለ። አንዱ "ስኒ" ይላል፣ ሌላው "ሲኒ"፤ "ፍንጃል" የሚልም አለ። ሁሉንም ርዕሱ ላይ መደርደር አይቻልም፤ ቢደረደርም ያስጠላል። እኛ ያደረግነው ርዕሱ ላይ ብዙ ሰው የሚጽፈውን አንዱን መርጠን ሌላውን ዝርዝሩ ውስጥ በተፈጥሯዊ ዓረፍተ ነገር ማስገባት ነው። ለምሳሌ ርዕሱ "10 ስኒ" ካለ ከሥሩ "ሲኒዎቹን ለብቻ ማዘዝ ይቻላል" ብንል ሁለቱም ጽሑፉ ውስጥ ይገኛሉ። የትኛውን ለርዕስ እንምረጥ የሚለው በቀላሉ ይፈተናል፤ ሁለቱንም አጻጻፍ በየተራ በምንሸጥበት ቦታ መፈለጊያ ውስጥ አስገብቶ የትኛው ብዙ ውጤት እንደሚያመጣ ማየት ነው።

ሌላው መሰናክል ከቃል ፊት የሚለጠፉት "የ"፣ "ለ"፣ "በ" እና "ከ" ናቸው። "ጀበና" ብሎ የሚፈልግ መሣሪያ "ጀበናዎች" የሚለውን ሊያገኘው ይችላል፤ የቃሉ መነሻ አንድ ነውና። "የጀበና" ሲባል ግን ቃሉ በ"የ" ጀመረ፤ ከመነሻው የሚያመሳስል መሣሪያ ያልፈዋል። "የጀበና ሽያጭ" ብሎ ከመጀመር "ጀበና" ብሎ መጀመር የሚሻለው ለዓይን ብቻ ብለን አይደለም። ዋናው ቃል ራቁቱን፣ ምንም ሳይለጠፍበት መቆም አለበት። ይህንንም ማንም በራሱ ቻናል ላይ በአንድ ደቂቃ ሊሞክረው ይችላል።

የአክስቴ ታላቅ ልጅ አሜሪካ ነው የሚኖረው። አልፎ አልፎ ጀበና በሻንጣ አስመጥቶ ኢቤይ ላይ ይሸጣል። የእሱን ርዕስ ስናይ የእህቱ ወንድም መሆኑ አያጠራጥርም ነበር፦

```
Beautiful Authentic African Traditional Gift AMAZING Quality!!! LOOK
```

ኢቤይ ለርዕስ የሚፈቅደው 80 ምልክት ነው፤ በፊደል መካከል ያለው ባዶ ቦታ ጭምር ይቆጠራል። ከዚያ ውስጥ ወደ ሰባ የሚጠጋውን በሙገሳ ሞልቶታል። ጀበና የለም፤ ቡና የለም፤ ኢትዮጵያ የለችም። በውጭ ገበያ የጀበና ገዢ ሁለት ዓይነት መሆኑን ማሰብ ያስፈልጋል። አገሩን የሚያውቀው የእኛ ሰው `jebena` ብሎ ይጽፋል። ኢትዮጵያ ምግብ ቤት ውስጥ አይቶ የወደደው የሌላ አገር ሰው ግን ስሙን አያውቀውም፤ የሚጽፈው `ethiopian coffee pot` ነው። ሁለቱም እንዲገኙ ሁለቱም መጠሪያ ይገባል። የትኛው ይቅደም? እዚያ ገበያ ላይ ስሙን የማያውቀው ገዢ ይበዛል ብዬ ስለማምን የሚከተለውን መከርኩት፦

```
Ethiopian Coffee Pot Jebena Handmade Black Clay 10 Cup with Straw Stand
```

71 ምልክት ነው። የመጀመሪያዎቹ 27 ምልክቶች ሁለቱንም መጠሪያ ይዘዋል፤ ስልኩ የቀረውን ቢቆርጠው እንኳ ዕቃው ምን እንደሆነ ይታወቃል። ደንበኛው ሁሉ ሐበሻ በሆነበት ገበያ ቢሆን ግን ያለ ማመንታት `Jebena` የሚለውን አስቀድመው ነበር።

እዚህ ላይ የሚሳሳቱበት አንድ ስውር ወጥመድ አለ። ብዙ ሰው የሚፈልገው ቃል "ቡና" ስለሆነ "ቡና" ብለን ብንጀምርስ? ርዕሱን `Ethiopian Coffee` ብሎ ጀምሮ ጀበናውን ወደ መጨረሻ የገፋ ሰው ቡና የሚቆላ፣ ቡና የሚያፈላ ሰው ሁሉ ይመጣበታል። ጥሬ ቡና ፈልጎ የመጣው ሰው የሸክላ ዕቃ ሲያይ ይመለሳል። ሰፊ ቃል ብዙ መንገደኛ ያመጣል፤ ገዢ ግን አያመጣም። "ቡና" ለብቻው የእኛ ዋና ቃል አይደለም፤ የእኛ ቃል ቡናው የሚፈላበት ዕቃ ስም ነው።

የርዕስ ርዝመት ከቦታ ቦታ ይለያያል። የእጅ ሥራ የሚሸጥበት ኤትሲ 140 ምልክት ይፈቅዳል፤ ሻጮቹን ግን ከ15 ቃል ያልበለጠ ግልጽ ርዕስ እንዲጽፉ ይመክራል። አማዞን ከጥር 2025 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለአብዛኛው ዕቃ ርዕስን በ200 ምልክት ወስኗል፤ እንደ ቃለ አጋኖ ያሉ ማስጌጫዎችን ከልክሏል፤ አንድን ቃል ከሁለት ጊዜ በላይ መደጋገምንም እንዲሁ። ድሮ ሻጮች "ጀበና የቡና ጀበና የሸክላ ጀበና የኢትዮጵያ ጀበና" እያሉ ርዕሱን ያጭቁት ነበር። አሁን ገበያዎቹ ራሳቸው እየከለከሉት ነው፤ ባይከለክሉትም እንዲህ ያለ ርዕስ የሚያነብ ሰው ሻጩን አያምነውም። የፍለጋው ቀመር ለመጀመሪያው ቃል ምን ያህል ክብደት እንደሚሰጥ በየድርጅቱ ይለያያል፤ በየጊዜውም ይቀየራል። ዋናውን ቃል የማስቀድምበት ምክንያቴ ግን በቀመሩ ላይ ብቻ አልተንጠለጠለም፤ የሰው ዓይንና የስልኩ ጠባብ ስክሪን በየጊዜው አይቀየሩም።

ርዕሱ የማይፈታው ችግር እንዳለም ማወቅ ይገባል። ችግሩ የት እንደሆነ የሚለየው በቁጥሩ ነው። ኤትሲም ኢቤይም አንድ ዕቃ ስንት ጊዜ እንደታየ ለሻጩ ያሳያሉ። ዕቃው ጭራሽ የማይታይ ከሆነ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ርዕሱ ነው፤ ሰው በሚፈልገው ቃል አልተጠራም ማለት ነው። ብዙ ሰው አይቶት የሚገዛ ከጠፋ ግን ወይ ርዕሱ የተሳሳተ ሰው እየጠራ ነው፣ ወይ ፎቶው ወይም ዋጋው ይመልሳቸዋል። ኤትሲ ሰዎች በየትኛው ቃል ፈልገው እንደመጡ ጭምር ለሻጩ ይዘረዝራል፤ በዚያ ዝርዝር ውስጥ ከዕቃው ጋር የማይገናኝ ቃል ከበዛ የተሳሳተው ርዕሱ ነው። ቴሌግራም ላይ ከልጥፉ ሥር ያለችው የዓይን ምልክት አትበቃም፤ ቻናሉን የሚከተለው ሁሉ ሲያልፍ ይቆጠራልና። እዚያ የሚሻለው ደንበኛ መልእክት ሲልክ "እንዴት አገኙን?" ብሎ መጠየቅ ነው። ርዕስ ሲቀየር ደግሞ ፎቶና ዋጋ በዚያው ቀን አይቀየሩ፤ ለውጡ ከየት እንደመጣ አይታወቅም። እኔ ርዕሱን ብቻ ለውጦ ሁለት ሳምንት መጠበቅን እመርጣለሁ።

የአክስቴ ልጅ አሥራ አንዱንም ልጥፍ በዚያው ቅዳሜ ማታ አስተካከለቻቸው። ፎቶዎቹን አልነካችም፤ ከሥራቸው ያለውን ጽሑፍ ብቻ ነው የቀየረችው። "ጀበና" ብለን እንደገና ስንፈልግ ሁሉም ተሰልፈው ወጡ። ጠዋት የጻፈችው ደንበኛም አገናኙ ተልኮላት በማግሥቱ መጥታ ባለ 10 ስኒውን ከነማቶቱ ወሰደች። ከዚያ በኋላ የመጡት ሁሉ በፍለጋ መጡ ለማለት አልችልም፤ "ጀበና የላችሁም ወይ?" የሚለው ጥያቄ ግን ቀርቷል።

በስልክዎ የሚሸጡት ነገር ካለ ዛሬ ማታ የመጨረሻ ልጥፍዎን ይክፈቱና የመጀመሪያውን ቃል ያንብቡ። የዕቃው ስም ካልሆነ ወደ ፊት ያምጡት።